የሆድ አግድም ቁርጥ፦ የምናየው የትኛውን ገጽ ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሳጂታል፣ ኮሮናልና ትራንስቨርስ የሚባሉትን የሰውነት ጠለሎች ትርጉም በቃሌ አውቃለሁ። ነገር ግን በላቦራቶሪ ባየነው የሆድ ቁራጭ ላይ ጉበቱ በቀኜ በኩል ነበር፤ በሲቲ ስካን ላይ ደግሞ በግራዬ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም ትራንስቨርስ ከሆኑ ለምን ተለያዩ? እንዲህ ያለ ቁርጥ ሲቀርብልኝስ ማንበብ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የለያያቸው መጋዙ ያለፈበት ቦታ ሳይሆን እርስዎ የተመለከቱበት አቅጣጫ ነው። ጠለል በሐሳባችን በሰውነት ውስጥ የምናሳልፈው፣ ውፍረት የሌለው ዝርግ ነገር ነውና ገጽ የለውም። ቁርጥ ግን አካሉ በዚያ ጠለል ላይ ሲከፈል የሚገለጠው ነው፤ ስለዚህም ምንጊዜም ሁለት ገጽ አለው። ድፎ ዳቦ በቢላዋ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ ግማሾች እንደ መጽሐፍ ሲዘረጉ፣ በአንደኛው ላይ በቀኝ ያለው ቀዳዳ በሌላኛው ላይ በግራ ይታያል። በሰው ሆድም እንዲሁ ነው፤ የታችኛውን ክፍል ከላይ ወደ ታች ስንመለከተው የምናየውና የላይኛውን ክፍል ከታች ወደ ላይ ስንመለከተው የምናየው አንዱ ለሌላው የመስተዋት ምስል ነው።

በላቦራቶሪ ቁራጩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አከርካሪው ወደ እርስዎ ዞሮ፣ እርስዎ ከላይ ተመልክተውታል። ይህ ከአንድ የቆመ ሰው ጀርባ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ወደ ታች እንደመመልከት ስለሆነ፣ የእርሱ ቀኝ የእርስዎ ቀኝ ሆኖ ጉበቱ በቀኝዎ ወደቀ። የሲቲ ስካን ምስል ደግሞ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ፣ ተመልካቹ በእግሩ በኩል ቆሞ ወደ ራሱ አቅጣጫ እንደሚያይ ሆኖ እንዲቀርብ በስምምነት ተወስኗል። ስለዚህ ሆዱ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች፣ የታካሚው ቀኝ ደግሞ በተመልካቹ ግራ ይሆናል። ስምምነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሐኪም ከታካሚው ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥም ሆነ የደረት ራጅ ሲያነብ የታካሚው ቀኝ በግራው ነው፤ አግድም ቁርጡም ከታች እንዲታይ በመደረጉ ዓይናችን በሁሉም ምስሎች ላይ አንድ የቀኝና የግራ ሥርዓት ብቻ እንዲለምድ ሆኗል።

ከዚህ ላይ «አግድም» በሚለው ቃል የሚፈጠረውን አንድ መሰናክል ላንሳ፤ በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁና። በተለመደው አማርኛ አግድም የምንለው ከወለሉ ጋር የተስተካከለውን ነው። የሰውነት ጠለሎች ግን ከወለሉ አንጻር አልተወሰኑም፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ፊቱንና መዳፎቹን ወደ ፊት ካዞረ፣ እጆቹን ከጎኑ ካወረደ ሰው አንጻር የተወሰኑና ከዚያ በኋላ ሰውየው ሲተኛም ሲያጎነብስም አብረውት የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ታካሚው በሲቲ ስካን አልጋ ላይ በተጋደመ ጊዜ ትራንስቨርስ ጠለሉ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይገኛል፤ ኮሮናል የሚባለው፣ ማለትም ሰውን ከፊትና ከኋላ የሚከፍለው፣ ከወለሉ ጋር የተስተካከለ ይሆናል። ቀኝና ግራን የሚከፍለው ሳጂታል በዚህ አቀማመጥም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአራት እግሩ የቆመን በግ ቢያስቡ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ ወገቡን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈው ትራንስቨርስ ቁርጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በዚህ ምላሽ ውስጥ አግድም ስል ከአካሉ ቁመት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራውን ማለቴ ነው።

አሁን አንድ ቁርጥ መርጠን እናንብብ። የምመርጠው በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ አጥንት ልክ የሚያልፈውን ነው፤ በሆድ ውስጥ እንደዚህ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሌላ ከፍታ የለምና። በሰውነት ላይ ለማግኘትም ቀላል ነው፤ ከደረት አጥንት በላይ በአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ ብልት አጥንት የላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተው መሐሉን ይያዙ። ይህ ጠለል ትራንስፓይሎሪክ ይባላል፤ ከጨጓራ መውጫ፣ ከፓይሎረስ፣ ስሙን ያገኘ ነው። የወሰነው እንግሊዛዊው የአናቶሚ ሊቅ ክሪስቶፈር አዲሰን ሲሆን፣ ይኸው ሰው በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1919 የአገሩ የመጀመሪያ የጤና ሚኒስትር ሆኗል።

ንባቡን ከጉበት አይጀምሩ። ጉበት ትልቅና ማራኪ ስለሆነ ዓይን ቀድሞ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ቅርጹ ከሰው ሰው የሚለዋወጥ በመሆኑ መነሻ አይሆንም። መነሻው አጥንት ነው። አከርካሪውን ይፈልጉና ምስሉን ወይም ቁራጩን አከርካሪው ወደ እርስዎ፣ ከታች በኩል፣ እስኪሆን ያዙሩት። ከፊት ያለው ወፍራም የአጥንት አካል፣ ከኋላው የህብለ ሰረሰር ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ኋላ ደግሞ በጀርባ ቆዳ ሥር የምንዳብሰው ሹል አጥንት ይታያል። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በዚህ ከፍታ በቀዳዳው ውስጥ የምናየው የመጨረሻ ጫፉን ነው። ወረድ ብለን ብንቆርጥ በቦታው የነርቭ ክሮችን ብቻ እናገኛለን። ከአከርካሪው ኋላ በግራና በቀኝ ጀርባን ቀጥ የሚያደርጉት ሁለት ወፍራም የጡንቻ ዓምዶች አሉ። ከአካሉ ጎን የሚጀምረው የሶአስ ጡንቻ ግን እዚህ ገና ቀጭን ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ይወፍራል፤ ስለዚህ ቁጥር ያልተጻፈበትን ቁርጥ ከፍታ ስገምት ቀድሜ ከማያቸው ምልክቶች አንዱ የሶአስ ውፍረት ነው።

ከአከርካሪው አካል ወደ ፊት አንድ እርምጃ ስንሄድ ሁለቱን ታላላቅ የደም ሥሮች እናገኛለን። አኦርታ ከመሐል መስመሩ ትንሽ ወደ ታካሚው ግራ ያዘነበለ ክብ ነው፤ የታችኛው ቬና ካቫ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ሁለቱን ከቦታቸው በተጨማሪ በቅርጻቸው መለየት ይቻላል። የአኦርታ ግድግዳ ወፍራምና በውስጡ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ክብነቱን ይጠብቃል፤ የቬና ካቫ ግድግዳ ግን ስስ በመሆኑ እንደ ትንፋሹና በደም ሥር ውስጥ እንዳለው የፈሳሽ መጠን አንዴ ሞላላ፣ አንዴ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። በአኦርታው ግራና ቀኝ ከአከርካሪው ጋር ተጣብቀው የሚታዩት ሁለት ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች የድያፍራም እግሮች ናቸው። የቀኙ እግር ከግራው ይወፍራል፣ ወደ ታችም ረዘም ብሎ ይወርዳል፤ በአንድ ቁርጥ ላይ ብቻውን ሲታይ ያበጠ የሊምፍ እጢ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ቁርጦቹን ተራ በተራ ወደ ላይ በማሳለፍ ነው። እጢ ከሆነ ከጥቂት ቁርጦች በኋላ ይጠፋል፤ የድያፍራም እግር ከሆነ ግን ሳይቋረጥ ወደ ድያፍራሙ ይቀላቀላል።

አሁን የዚህ ቁርጥ እምብርት ወደምለው ቦታ ደረስን። ከአኦርታው ፊት ለፊት አንድ ትንሽ ክብ አለ፤ ዙሪያውን በስብ ቀለበት ተከቧል። ይህ ለትንሹ አንጀት አብዛኛው ክፍልና ለትልቁ አንጀት የመጀመሪያ አጋማሽ ደም የሚያደርሰው የላይኛው ሜሴንተሪክ ደም ቅዳ ነው። ከአኦርታ የሚነሳው በዚሁ ከፍታ ሲሆን፣ ከተነሳ በኋላ ከአኦርታው ፊት ለፊት ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በስተቀኙ፣ ማለትም በሲቲ ስካን ምስል ላይ በእርስዎ ግራ፣ ከእርሱ የሚሰፋው አቻው ደም መልስ ይገኛል። ከሁለቱ ፊት የቆሽት አንገት ይተኛል። የቆሽት ራስ በቀኝ በኩል የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በሆነው በዱዎዴነም ቅስት ታቅፎ ይቀመጣል፤ ሰውነቱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ ወደ ጣፊያ አቅጣጫ ይሄዳል።

ከዚህ ጥቂት ዝቅ ስንል ከግራ ኩላሊት የሚወጣው ደም መልስ በአኦርታና በዚያች ትንሽ ክብ መካከል ሾልኮ፣ በቀኝ ወዳለው ቬና ካቫ ሲገባ እናያለን። ቬና ካቫ በቀኝ ስለሆነ የቀኙ ኩላሊት ደም መልስ አጭር ነው፤ የግራው ግን አኦርታን መሻገር ስላለበት ይረዝማል። እዚህ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። አኦርታ፣ ቬና ካቫና ሜሴንተሪክ ደም ቅዳው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄዱ በአግድም ቁርጡ ላይ ክብ ሆነው ታዩ፤ የግራ ኩላሊት ደም መልስ ግን ከጎን ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ ማለትም ራሱ በቁርጡ ጠለል ውስጥ ስለተኛ፣ እንደ ጥብጣብ ተዘርግቶ ታየ። ያንኑ ቦታ በአኦርታው ላይ በሚያልፍ ሳጂታል ጠለል ብንቆርጠው ሁሉም ይገለበጣል። አኦርታው ረጅም ጥብጣብ ይሆናል፤ ሜሴንተሪክ ደም ቅዳውም ከእርሱ በሹል ማዕዘን ተነጥሎ ሲወርድ ይታያል፤ የኩላሊቱ ደም መልስ ደግሞ በሁለቱ መካከል የታቀፈ አንድ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ጠለሎችን በትርጉማቸው ከማጥናት ይልቅ አንዱ ሥር በአንዱ ጠለል ለምን ክብ፣ በሌላው ለምን ጥብጣብ እንደሆነ መናገር መቻል የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ዳር ዳሩን በአጭሩ ልጨርስ። ኩላሊቶቹ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ከሶአስ ጎን፣ በስብ ተከበው ይገኛሉ። የቀኙ በጉበት ምክንያት ዝቅ ስለሚል፣ ቁርጡ በግራው መሐል፣ ደም ሥሮች በሚገቡበት ጎድጓዳ ሲያልፍ በቀኙ ከዚያ ከፍ ብሎ ያልፋል። ጉበት ቀኙን ይሞላል፤ በፊት ጠርዙ ሥር የሐሞት ከረጢት ጫፍ ሊታይ ይችላል። ጨጓራ በፊት በኩል፣ ትልቁ አንጀት በጎንና በፊት፣ የጣፊያ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ከታየ በግራ ኋላ ነው። ይህን ሁሉ የሚያቅፈው የሆድ ግድግዳ በጎን በኩል ሦስት ተደራራቢ ጡንቻዎች አሉት፤ ከፊት ደግሞ በመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቁም ጡንቻዎች ይገኛሉ።

መጽሐፍ ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ ስለሚያሳይ፣ በእውነተኛ ሰው ላይ ሁሉንም በአንድ ቁርጥ ካላገኘሁ ተሳስቻለሁ ብለው አይጨነቁ። ጠለሉ የተወሰነው በአጥንት ምልክት ሲሆን የሆድ ዕቃ ግን ተንቀሳቃሽ ነው። ኩላሊት በትንፋሽ በጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል። ለጠለሉ ስም የሰጠው የጨጓራ መውጫ እንኳ ሰውየው ሲቆም ከመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የሚታመኑት ከአከርካሪው ጋር የተያያዙትና ከኋላ የሚገኙት ናቸው፤ ወደ ፊት በሄድን ቁጥር እርግጠኝነታችን ይቀንሳል። ንባቡን ከኋላ ወደ ፊት እንዲያደርጉ የመከርኩዎትም ለዚህ ነው።

በሲቲ ስካን ላይ እነዚህን አካላት አንዱን ከሌላው የሚለይልን ስብ መሆኑንም ይወቁ። መሣሪያው ውሃን 0፣ አየርን -1000 ብሎ በሚለካበት ሚዛን ስብ ወደ -100 ሲጠጋ፣ ጉበትና ጡንቻ ከ0 በላይ በጥቂት አሥሮች ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ስቡ ጠቆር ብሎ በአካላቱ መካከል ድንበር ይሠራል። በሆዱ ውስጥ ስብ የሌለው በጣም ቀጭን ታካሚ ሲሆን ቆሽት፣ ዱዎዴነምና የአንጀት እጥፋቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ጅምላ ይታያሉ። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ታካሚው የሚጠጣው ማቅለሚያና በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ነው።

ወደ ቅርጾች ልመለስ፤ ስህተት የሚበዛው በዚያ ነውና። ሸንኮራ አገዳ ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥ የተቆረጠው ገጽ ክብ ነው፤ ገደድ ተደርጎ ሲቆረጥ ግን ሞላላ ይሆናል፤ አገዳው ግን አልወፈረም። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው አኦርታ ብዙ ጊዜ ይረዝምና ወደ ጎን ይጠማዘዛል፤ አግድም ቁርጡ ያን የተጠማዘዘ ክፍል ገደድ አድርጎ ያልፍበታል። አንድ ጊዜ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም የአንድ አረጋዊ አኦርታ 3.6 ሴንቲሜትር ነው የሚል ሪፖርት ጽፎ አመጣልኝ። የሆድ አኦርታ ስፋት 3 ሴንቲሜትር ሲደርስ አኑሪዝም፣ ማለትም የደም ሥር እብጠት፣ ስለሚባል፣ ሪፖርቱ እንዳለ ቢወጣ ታካሚው ተደጋጋሚ ክትትልና ጭንቀት ይጠብቀው ነበር። ምስሉን ስናየው የአኦርታው ገጽ ሞላላ ነበር፤ ረጅሙ ስፋቱ 3.6፣ አጭሩ ግን 2.3 ሴንቲሜትር። በኮሮናል ምስል ላይ ደግሞ ሥሩ በዚያ ቦታ ከቁመቱ መስመር በ50 ዲግሪ ያህል ተዘንብሎ ይታያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦

2.3 / cos 50° ≈ 3.6

ቱቦ በገደድ ሲቆረጥ ረጅሙ ስፋት በዝንባሌው መጠን ይለጠጣል፤ አጭሩ ስፋት ግን እውነተኛውን ይዞ ይቆያል። ምስሉን ከሥሩ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚሠራ ጠለል አስተካክለን ደግመን ስንለካው በሁሉም በኩል 2.3 አካባቢ ሆነ፤ ሪፖርቱም ተስተካከለ። ነገር ግን አጭሩን ስፋት መውሰድ ሁልጊዜ መዳኛ አይደለም። አኦርታው በአንድ ጎኑ ብቻ እንደ ከረጢት ካበጠ፣ እብጠቱ የሚታየው በረጅሙ ስፋት በኩል ሊሆን ይችላልና አጭሩን ብቻ የለካ ሰው በሽታውን ያልፈዋል። ቀጥ ባለው ጠለል ደግሞ መለካት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ዝንባሌው ከተስተካከለ በኋላም ሞላላነቱ ካልጠፋ፣ ቅርጹ ከቢላዋው ሳይሆን ከሥሩ ራሱ የመጣ ነው።

ሁለተኛው የቅርጽ ማሳሳቻ የሚመጣው ከጠማማ ነገር ነው። ሙዝን ጎበጥ ያለውን ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ቢይዙትና ጫፎቹ አጠገብ በአግድም ቢቆርጡት፣ አንዱ ሙዝ ሁለት ክብ ሆኖ ይታያል። ዱዎዴነም፣ ትልቁ አንጀትና ወደ ጣፊያ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ደም ቅዳ ሁሉ በአንድ ቁርጥ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ብቅ ይላሉ። የታዩት ክቦች አንድ ቱቦ መሆናቸውን የሚነግረን የሚቀጥለው ቁርጥ ነው። ቁርጦቹን ስናሳልፍ ክቦቹ እየተቀራረቡ ሄደው ከተገናኙ፣ የቅስቱን ራስ አገኘን ማለት ነው።

አሁን የጠየቁኝን የቀኝና የግራ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ልውሰደው። አከርካሪውን ወደ ራስዎ ካዞሩ በኋላ ጉበቱ በግራዎ ከሆነ ከታች፣ በቀኝዎ ከሆነ ከላይ እያዩ ነው። ይህ ደንብ በላቦራቶሪ ቁራጭ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በምስል ላይ ግን ብቻውን አይበቃም። ፊልም በብርሃን ሰሌዳ ላይ ተገልብጦ ከተሰቀለ ጉበቱ በተመልካቹ ቀኝ ይወድቃል፤ ይህም ከላይ ከታየ ቁራጭ ጋር በቅርጹ ፍጹም አንድ ነው። ከ10,000 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ የሚገኘው የሆድና የደረት ዕቃ ቀኝና ግራ የመቀያየር ሁኔታም ያንኑ ምስል ይሰጣል። የአካላቱን ቅርጽ የቱንም ያህል ብንመረምር ሦስቱን መለየት አንችልም፤ የሚለየው ጽሑፉ ነው። ፊልሙ ከተገለበጠ በላዩ ላይ የተጻፉት R እና L፣ የታካሚው ስምና ቀኑ ጭምር በመስተዋት እንደታዩ ሆነው ወደ ኋላ ይነበባሉ። ጽሑፉ በትክክል እየተነበበ ጉበቱ L በተጻፈበት በኩል ከሆነ ግን፣ ታካሚው ወደ መሣሪያው ሲገባ አቀማመጡ በስህተት ተመዝግቦ እንዳልሆነ ባለሙያውን ጠይቀን፣ ልቡም በየትኛው በኩል እንደሆነ በደረት ራጅ አይተን እንወስናለን።

የአቀማመጡን ነገር ምስሉ ራሱም ይናገራል። አየር ወደ ላይ፣ ፈሳሽ ወደ ታች መሄዱ የማይቀር ስለሆነ፣ በጀርባው በተኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ ያለው ጥቁር አየር በሆዱ በኩል ተንሳፍፎ፣ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ቀጥ ባለ መስመር ተለይቶ ይታያል። የአልጋው ጎባጣ መስመርም ከጀርባው ሥር ይገኛል። አየሩ ወደ አከርካሪው በኩል፣ አልጋው ደግሞ በሆዱ በኩል ከታየ ታካሚው በሆዱ ተኝቶ ነው የተነሳው። በዚህ ጊዜ ምስሉ እንዴት ዞሮ እንደቀረበ ለማወቅ ፊትንና ኋላን የሚያመለክቱትን የA እና የP ምልክቶችንም ማየት ያስፈልጋል።

በላቦራቶሪ ያሉት ቁራጮች ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ በ1850ዎቹ አስከሬንን በብርድ አቀዝቅዞ በመጋዝ የቆረጠው፣ ያልቀዘቀዘ ሆድ ሲከፈት ዕቃው ሁሉ ከቦታው ስለሚንሸራተትና እውነተኛው አቀማመጥ ስለሚጠፋ ነበር። ዛሬም ትክክለኛ ቁራጭ የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ፣ በማቀዝቀዝ ነው። ሲቲ ስካን ከመምጣቱ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እርስዎ በስክሪን ላይ የሚያዩትን ዓይነት ቁርጥ ሐኪሞች በፒሮጎቭ ሥዕሎች ላይ ያጠኑ ነበር።

በሚቀጥለው የላቦራቶሪ ቀን ቁራጩን በጓንት ያንሱትና አከርካሪው ወደ እርስዎ እንደሆነ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ ይገልብጡት። ጉበቱ ወደ ግራዎ ይሄዳል፤ አሁን የሚያዩት የቁራጩን የታችኛውን ገጽ ነው፤ ከሲቲ ስካኑም ጋር እጅ ለእጅ ይገጥማል። ነገር ግን ገጹ ብቻ ሳይሆን ከፍታውም እንደተለወጠ አይርሱ። ቁራጩ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ በላይኛውና በታችኛው ገጹ መካከል 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አራት የሲቲ ስካን ቁርጦች ይገባሉ። መጋዙ በተናገርንለት ከፍታ ካለፈ፣ በላይኛው ገጽ ላይ ሜሴንተሪክ ደም ቅዳው ከአኦርታ ሲነሳ ያዩና፣ ሲገለብጡት በታችኛው ገጽ ላይ ያው ሥር ከአኦርታው ተነጥሎ በስብ ቀለበቱ ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ በሁለቱ መካከልም የግራ ኩላሊት ደም መልስ ሲሻገር ሊያገኙት ይችላሉ።